መጀመሪያ አገርህን አትምረጥ

ደምበል አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ላፕቶፕ የምንጠግንበትና ጌም የምንጭንበት ጠባብ ሱቅ አለን። አዲስ ደንበኛ ሲገባ ሁልጊዜ የሚያናግረው እሱን ነው፤ ሴት ልጅ ስለ ጌም ታውቃለች ብሎ ማን ይጠረጥራል! እሱም ቀና ሳይል በያዘው ካቻቢቴ ወደ እኔ ይጠቁምና «እሷን ጠይቃት» ይላል። ሰውየው ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር የሚያሳየውን ጥርጣሬ እወደዋለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወረቀት አውጥቶ ማስታወሻ ሲይዝ ደግሞ የበለጠ እወደዋለሁ።

የእኔ ድርሻ የካርታ ጌሞቹ ናቸው። እኛ ሱቅ እንደዚያ ነው የምንላቸው። መተኮስ የለባቸውም፣ መኪና መንዳት የለባቸውም። ካርታ ተዘርግቶ ይቀርብልሃል፤ አንድ አገር ወይም አንድ ገዢ ትይዝና ግብሩን፣ ጦሩን፣ ጋብቻውን፣ ፋብሪካውን ለብዙ ዓመታት ስታስተዳድር ትኖራለህ። ጊዜው እንደ ሰዓት ይሄዳል፤ ስታቆመው ይቆማል። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው። አንዱ የድሮ ባላባቶችና የዘር ሐረጋቸው ጌም ነው፣ አንዱ የፋብሪካና የንግድ፣ አንዱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አንዱ ደግሞ የሕዋ። አራቱም ሲከፈቱ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በቁልፍና በቁጥር ይሞላል። ብዙ ሰው አንድ ቀን ከፍቶ፣ ተደናግጦ፣ ዳግም አይከፍታቸውም።

ስለዚህ ሁሉም «የቱን ልጀምር?» ይለኛል። የቱን የሚለው ጥያቄ ግማሹ ብቻ ነው፤ ከየት የሚለው ይበልጣል። አንዱ ጌም ውስጥ እንኳ ለጀማሪ የሚሆን ቦታና ጀማሪን የሚገድል ቦታ አለ። እኔ በፊናዬ «ስትሸነፍ ምን ትሆናለህ?» እላለሁ። «ስትጠብቅ ትሰለቻለህ ወይስ ደስ ይልሃል? ትምህርት ላይ ቁጭ ትላለህ ወይስ እየነካካህ ነው የሚገባህ?» ይህን ሳልጠይቅ ለማንም ጭኜ አላውቅም። ለአንድ ሰው ብቻ ሳልጠይቅ ጫንኩ፤ እሱም አባቴ ነው።

ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ በማርከር የጻፍኩት ወረቀት አለ፦ «መጀመሪያ አገርህን አትምረጥ።» የእኛ ሰው የካርታ ጌም ሲከፍት እጁ ሳያስበው ካርታውን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይጎትተዋል። አገሩን ሲያገኝ ልቡ ይሞቃል፤ ይይዛታል። ጦርነቱ ጌም ላይ ግን ጨዋታው የሚጀምረው በፈረንጅ ዘመን በ1936 የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በዚያ ቀን ከጣልያን ጋር ጦርነት ውስጥ ናት። ፋብሪካ የላት፣ መሣሪያ የላት፣ አውሮፕላን የላት። በተለይ እኛ ጋ የሚዞረው ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ ሲገለበጥ የኖረ የቆየ ቅጂ ስለሆነ፣ በኋላ የተጨመረላት ነገር ሁሉ የለበትም። ጀማሪ ሰው ገና ቁልፎቹን ሳይለይ ዋና ከተማው ይያዝበታል። ስንቱ ጎረምሳ በማግሥቱ መጥቶ «ጌሙ አይሠራም» ብሎኛል! ጌሙማ ይሠራል።

አባቴ ካርታ ሠሪ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ በቀለምና በብዕር ወንዝና ኮረብታ ሲስል ኖሯል። አንድ ወረቀት ላይ ወራት መቀመጥ ይችላል። ትዕግሥቱ የሚያናድድ ዓይነት ነው፤ እኔ የእናቴን ቁጣ ነው የወረስኩት። ካዛንቺስ በነበረው ቤታችን፣ በእኛና በጎረቤታችን በር መካከል ባለችው መተላለፊያ፣ በአንድ ዱካ ላይ የቼዝ ሰሌዳ ሁልጊዜ ተዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሁለቱ በቀን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። አባቴ ከአሱር ሶላት ሲመለስ ቆም ብሎ ያይና አንዱን ያንቀሳቅሳል፤ እሳቸው በማግሥቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መልሱን ይሰጣሉ። አንድ ጨዋታ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጅ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሰሌዳውን ጠጠሮቹ እንደቆሙ፣ ሳይነቃነቅ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ያስገቡታል።

ሰፈሩ ለልማት የሚፈርስ ሆነ፤ ዕቃ የማሸግ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። የጭነት መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ እኔ እሮጣለሁ። መተላለፊያው ላይ የነበረውን ሰሌዳ አነሳሁና ጠጠሮቹን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሰሌዳውን አጥፌ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ጨዋታ መሃል ላይ መሆኑ ትዝም አላለኝ። አባቴ አየኝ። ያኔ ቢጮህብኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ባልቆጨኝ።

ጎረቤታችን ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። አባቴ እኔ ወሎ ሰፈር በተከራየሁት ሁለት ክፍል ቤት ገባ። በስልክ ጨዋታውን ከትዝታቸው ሊደረድሩት ሞክረው ነበር፤ ግን በአንድ ፈረስ ቦታ ሳይስማሙ ቀሩ። አባቴ «እዚህ ነበር» ይላል፣ እሳቸው «የለም፣ እዚያ ነው» ይላሉ። ሁለቱም የማይዋሹ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚደዋወሉት ለበዓል ብቻ ሆነ።

አባቴ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ቁርስ ሳቀርብለት «አልራበኝም» ይላል፤ ምሳ ላይም ያንኑ። ሐምሌ ሲገባ አንድ ቀን ሻይ እያቀረብኩለት፣ መስከረም ሲጠባ ደሴ ሄዶ እህቱ ዘንድ እንደሚኖር ነገረኝ።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«እዚህስ ምን እሠራለሁ? ብቻ እዚያ ይሻላል። ለወላጆቼ መቃብርም ቅርብ ነው።»

ከታክሲ የቱ ፌርማታ ላይ እንደሚወርድ የሚናገር ሰው ያህል ቀላል አድርጎ ነው ያለው። እኔ ሻዩን አስቀምጬ ወደ ማድቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ሊኖር እንደማይሄድ ገብቶኛል። ከመስከረም በፊት ጠዋት የሚነሳበት አንድ ምክንያት ካላገኘሁለት አባቴን አጣዋለሁ፤ ሌላ ሌላው ወሬ ነው።

አንድ ቅዳሜ መነጽሩን ሊያስጠግን ወጥቶ ሱቃችን ጎራ አለ። አንድ ደንበኛ ጠረጴዛው ላይ የካርታ ጌም እየሞከረ ነበር። አባቴ ከጀርባው ቆመ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። ደንበኛው ምቾት አጥቶ ዞር ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለው።

«ይህ ወንዝ ቦታው ልክ ነው» አለ አባቴ፣ በጣቱ እየጠቆመ። «ማን ሳለው?»

ከቤቱ መፍረስ ወዲህ ስለ አንድ ነገር ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ባልደረባዬ በዓይኑ ጠቀሰኝ። «ፋዘርሽ ተጠልፏል» አለ በሹክሹክታ። እኔ ደግሞ ደስታው አናቴ ላይ ወጣና እብድ ሆንኩ።

በማግሥቱ እሑድ ላፕቶፕ ይዤ፣ አራቱንም ጌሞች ጭኜ፣ አባቴን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የጦርነቱን ጌም የትምህርት ክፍል ከፈትኩለት። ቀስቱ «እዚህ ጫን» ይላል፣ ይጫናል። «አሁን ደግሞ እዚህ» ይላል። አባቴ ምን እንደሚያደርግ ሳይሆን የት እንደሚጫን እየተነገረው ነው። እኔ በላዩ ላይ እናገራለሁ፦ «ይሄ ማለት እንዲህ ነው፣ እሱን ተወው በኋላ ትደርስበታለህ፣ አይ እሱን አይደለም፣ የላይኛውን!» ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አባቴ ማውዙን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው።

«ልጄ፣ እኔ ሥራ ስጀምር አለቃዬ ብዕርና ወረቀት ሰጥተውኝ ሄዱ። ሲመሽ መጥተው ያበላሸሁትን አዩ። በቃ፣ እንደዚያ ነው የተማርኩት። እንዲህ እየመሩኝ አልችልም።»

«ይሄ እኮ ከባድ ነው አባዬ! ሳይማሩት የሚገባ ነገር አይደለም!»

«እንግዲያው ይቅር።»

ይቅር ሲል ደሴ ታየኝ። ቁጣዬ ገነፈለ፤ ፍርሃት ሲይዘኝ የሚመጣው ቁጣ ነው። «እሺ! ያው፣ አራቱም አሉልህ፤ የፈለግከውን ክፈትና እንደፈለግክ ሁን!» ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እሑድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው፤ የምሄድበት የለኝም። እስከ ላንቻ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ አዝዤ ሳልጠጣው ተመለስኩ።

ስመለስ እየተጫወተ ነበር። ሳይቆጣ፣ ሳያየኝ፣ ግንባሩን አኮሳትሮ። በጣቴ ጫፍ እየተራመድኩ ክፍሌ ገባሁ።

ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት ደስተኛ ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጠዋት ስወጣ ላፕቶፑ ፊት ነው፤ ስመለስም እዚያው። የድሮ የሥዕል መሣሪያዎቹን ከካርቶን አውጥቶ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ይጽፋል። ሱቅ ውስጥ «የኔ ፋዘር ያለ ትምህርት ገባው» እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ አወራሁ። የቱን እንደከፈተ አልጠየቅኩም። መመራት አልወድም ተብዬ የለ! እያኮረፍኩ ነጻነት እየሰጠሁት መሰለኝ። ምግቡን አሁንም እንደማይበላ አይቻለሁ፤ ጌም የያዘው ሰው እንዲያ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አንድ ሐሙስ ቀን መብራት ስለጠፋ ሱቁን ዘግተን ለምሳ ቤት ገባሁ። አባቴ የለም፤ ለሶላት ውዱእ እያደረገ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ነው። ስክሪኑን አየሁት፤ የጦርነቱ ጌም ነው። ካርታው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጎትቷል። የያዘው አገሩን ነው።

ወረቀቶቹን አነሳሁ። በዚያ በሚያምር የካርታ ሠሪ እጁ እያንዳንዱን ሙከራ ጽፎታል። በዚያ ጌም የመከላከያ መስመርን በማውዝ ጎትተህ ነው የምትስለው፤ ጦሩ ሄዶ በመስመሩ ላይ ይሰለፋል። አባቴ ደግሞ መስመር መሳል ያውቃል። አንዴ ወንዙን ተከትሎ ስሏል፣ አንዴ ተራራውን፣ አንዴ ወደ ኋላ ስቦ ዋና ከተማዋ ዙሪያ ብቻ። ከእያንዳንዱ ሥር የወደቀበት ቀን ተጽፏል። አንድ ሙከራ ከሌላው በአሥር ቀን ዘግይቶ የወደቀ እንደሆነ በቀይ አስምሮበታል። ከሃያ ሙከራ ይበልጣል። የመጨረሻው ወረቀት ላይ መስመር የለም፤ ንድፉ ተጀምሮ ቀርቷል።

አባቴ እጁን እያደራረቀ ገባ። ወረቀቱን እጄ ላይ ሲያይ ቁጭ አለ።

«አባቴ ያን ጊዜ ከዘመቱት ነው» አለኝ። ይህን አውቃለሁ፤ አያቴ እየሸሸ እንደተመለሰና ስለዚያ አንድ ቃል ተናግሮ እንደማያውቅ በቤታችን ይወራል። «ብቆይበት፣ ብታገሥ፣ አንድ ቦታ የሚይዝ መስመር አገኛለሁ ብዬ ነበር። የለም። ይሄም እንደ ሰፈራችን ነው። ሲከፈትልህ አልቆ ነው የሚከፈተው።»

ከአልጋው ሥር ትልቁ ሻንጣ መውጣቱን ያኔ ነው ያየሁት። ግማሹ ታሽጓል።

ግድግዳዬ ላይ ተጽፎ የተሰቀለውን፣ ለማያውቁኝ ሰዎች ሁሉ የምናገረውን፣ ለአባቴ አልነገርኩትም። ትዕግሥተኛ ሰው ደግሞ በዚህ ከማንም በላይ ይጎዳል፤ ችኩሉ አንዴ ተሸንፎ ይዘጋዋል፣ ታጋሹ ግን ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ሃያ ጊዜ ይሸነፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አባቴን በየቀኑ ቤቱን እንደገና ሲያፈርሱበት እንዲውል አድርጌዋለሁ።

በማግሥቱ ሱቅ ገብቼ ለባልደረባዬ ስነግረው ካቻቢቴውን አስቀመጠ። እሱ ነገር የሚያስቀምጠው ሲናደድ ብቻ ነው።

«ማለቴ፣ አንቺ ለሼባ ደንበኛ እንኳን ስንት ጥያቄ ትጠይቂ የለ? ፋዘርሽን ጠየቅሽው?»

«አባቴ ነው እኮ። አውቀዋለሁ።»

«በቃ እሱ ነዋ ያጠፋሽ!»

ተናደድኩበት። ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ቤት ሄጄ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩና እንደ ደንበኛ ጠየቅኩት። መጠበቅ ይወዳል ወይ? ጎረቤታችን አንዴ ታመው ዘጠኝ ቀን ሳያንቀሳቅሱ እንደቀሩና ዘጠኙን ቀን ሰሌዳውን እያየ በደስታ እንደዋለ ነገረኝ። ሲሸነፍ ምን ይሆናል? «የት ጋ እንዳጠፋሁ ካየሁ ምንም አልሆን» አለ። መማርስ እንዴት ይፈልጋል? ትንሽ አሰበ።

«ትንሽ ነገር ስጪኝ። አንድ ወረቀት። ጥያቄው ሲመጣብኝ መልሱ ቅርብ ይሁን እንጂ፣ ሳልጠይቅ አትንገሪኝ።»

መልሱ ከአፉ ሳይወጣ ጌሙን አውቄዋለሁ። የሕዋው ጌም ትንሽ አወዛወዘኝ፤ እሱም ከአንዲት ፕላኔት ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚሰፋ ለጀማሪ ደግ ነው፤ ግን አባቴ መሬት የሚወድ ሰው ነው። የፋብሪካው ጌም አንድ ነገር ስትነካ አሥር ዋጋ ይናወጣል፤ ለኋላ ይቆይ። የቀረው የባላባቶቹ ነው። እሱ ላይ አገር አትሆንም፤ ሰው ትሆናለህ። ስትሞት ጨዋታው አያልቅም፤ ወራሽህን ሆነህ ትቀጥላለህ። ደግሞ የማታውቀው ቃል ሲያጋጥምህ የማውዙን ቀስት ቃሉ ላይ ስታቆም ማብራሪያው ይከፈታል፤ ማብራሪያው ውስጥ ያልገባህ ቃል ካለ በእሱም ላይ ስታቆም ሌላ ይከፈታል። አስተማሪው ጥያቄህ ያለበት ቦታ ተደብቆ ይጠብቅሃል ማለት ነው።

መነሻውን ደግሞ በጥንቃቄ መረጥኩለት። ከአውሮፓ ምዕራብ ጫፍ፣ ብዙ ትንንሽ ገዢዎች ያሉባት፣ ትላልቆቹ ነገሥታት መጀመሪያ ላይ ትዝ የማትላቸው ደሴት አለች። ተጫዋቾች ሁሉ የጀማሪ ደሴት ይሏታል። እዚያ፣ በአንድ ትንሽ ንጉሥ ሥር የሚኖር፣ አንድ አውራጃ ብቻ ያለው ባላባት ሰጠሁት። ትምህርቱን ዘጋሁት። ሁለት ነገር ብቻ አሳየሁ።

«ይቺ ረጅሟ ቁልፍ ጊዜን ታቆማለች። ስትፈልግ ለሳምንት ይቁም፤ ማንም አይነካህም። ቃል ካልገባህ ቀስቱን አቁምበት። አለቀ።»

«ሌላ የለም?»

«አለ። አልነግርህም።»

ፈገግ አለ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ሦስት ቀን ጊዜውን አላስኬደውም። ምንም ሳይንቀሳቀስ የባላባቱን ቤተሰብ፣ ጎረቤቶቹን፣ ሕጉን፣ ቃል በቃል አነበበ። እኔ ምላሴን ነክሼ አለፍኩ። በአራተኛው ቀን ሱቅ ድረስ ደወለልኝና «ይሄ ቄስ በጎረቤት መሬት ላይ የይገባኛል ማስረጃ ይፈጥራል ይላል፤ ከምር ነው?» አለ። ከምር ነው፤ ዓመታት ይፈጃል እንጂ ይፈጥራል። «እኛም መሥሪያ ቤት የፈጠሩትን ካርታ ይዘው የሚመጡ ነበሩ» ብሎ ሳቀ። የአባቴን ሳቅ በስልክ ሰምቼ ስለማላውቅ ወዲያው አልለየሁትም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሦስት አውራጃ ነበረው። ቁርስ መብላት ጀመረ። ሻንጣው ግን ወደ አልጋው ሥር አልተመለሰም፤ መንገዱ ሰላም እንደሆነ ለሰው እየደወለ ሲያጣራ እሰማለሁ። ጌም ሰውን ያስቀራል ብዬ ማመኔ ራሱ የጅል ነገር ይመስለኝ ጀመር።

ጳጉሜ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሥራ ስገባ አባቴ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ስክሪኑን ያያል። ጊዜው ቆሟል። የመጀመሪያው ባላባት አርጅቶ ሞቷል፤ በሕጉ መሠረት መሬቱ ለሦስቱ ልጆቹ ተከፋፍሏል፤ አባቴ በታላቁ ልጅ በኩል አንድ አውራጃ ብቻ ቀርቶታል። ሳይቆይ ታላቁም በጦርነት ሞተ። አሁን አባቴ የእሱ ወራሽ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነው።

በቃ፣ ነገ ይሄዳል አልኩ።

«ሳልነግርህ ቀረሁ» አልኩት። «መሬቱ እንደሚከፋፈል መንገር ነበረብኝ። ይቅርታ አባዬ።»

«ተጽፎ ነበር» አለ። ቀስቱን ወስዶ የውርስ ሕጉ ላይ አቆመው፤ ማብራሪያው ተከፈተ። «ይኸው። በመጀመሪያው ሳምንት አይቼው አልፌዋለሁ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።» ዞር ብሎ አየኝ፤ ፊቱ የተከፋ ሰው ፊት አልነበረም። «በዚያኛው የተቀጣሁት ባላጠፋሁት ነው። በራሴ ጥፋት መሸነፍ እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር አታውቂም።»

መስከረም ሲጠባ ደሴ ሄደ። ቲኬቱን ቆርጦ ነበር፤ ለእህቱም ቃል ገብቷል። ማለዳ መናኸሪያ ልሸኘው ስንወጣ ግን ትንሿን ቦርሳ ብቻ ነው የያዘው። ትልቁ ሻንጣ አልጋው ላይ ግማሹ ታሽጎ፣ ግማሹ ተፈትቶ ቀርቷል። በር ላይ ቆም ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመ።

«አሥር ቀን ነው የምቆየው። እንዳትነኪው።»

ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀን ነው። ሴቭ አድርጎ መዝጋት ይቻላል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢጠፋ እንኳ የሚመለስበት ቦታ እንዳለ ለደንበኛ በየቀኑ የምናገረው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ሴቭ አድርጌዋለሁም። ግን አልዘጋሁትም። ምሳ ሰዓት ላይ ከደምበል ወሎ ሰፈር ድረስ መጥቼ ቻርጀሩን አያለሁ፣ አቧራውን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። አንዴ ሰሌዳ አጥፌበታለሁ።

እህቱ አሞኛል እያለች እያስቀረችው እንደሆነ ይናገራል። መንገዱም አንዳንድ ቀን ጥሩ አይደለም ይላል። ድምፁ ይደክማል፤ ስለ መቃብሩ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላነሳውም። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ሲደውል እንዴት እንደዋልኩ ሳይጠይቅ ነው የጀመረው።

«ጊዜው ቆሟል?»

ስክሪኑን አየሁት። ልጁ አሁንም ሰባት ዓመቱ ነው።

«ቆሟል አባዬ።»

«ጥሩ። ልጁ ብቻውን እንዳይሄድ» አለና፣ ለእህቱ መድኃኒት ሊሰጥ ስልኩን ዘጋ።